«በግልጽ ተደንግጓል» ብዬ ጻፍኩ፣ አንቀጹን ግን አጣሁት። ደብዳቤዬን እዩልኝ

ቁልፍ ያዥ
ሰላም ለቤቱ። አንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ 3 ዓመት ከ4 ወር ስቶር ኪፐር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጥቅምት 6 ቀን 2017 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቼ ኅዳር 6 ዓርብ ዕለት ለቀቅኩ። ዛሬ ታኅሣሥ 10 ነው። የመጨረሻው ደመወዜም ያልወሰድኳት የ11 ቀን ፈቃድ ክፍያም አልመጣም። ስደውል «ክሊራንስህ አላለቀም» ይሉኛል። ደመወዜ 14,000 ብር ነው።

አንድ ወዳጄ ከቴሌግራም ያገኘውን ጽሑፍ ላከልኝ፣ እኔም ደብዳቤዬ ላይ ገለበጥኩት። ዋናው አንቀጽ ይኸው፦

«በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 377/96 አንቀጽ 36(3) በግልጽ እንደተደነገገው፣ የሥራ ውሉ የተቋረጠ ሠራተኛ ማንኛውም ክፍያ በ7 ቀናት ውስጥ ሊከፈለው የሚገባ ሲሆን፣ ይህ ካልሆነ አሠሪው የ3 ወር ደመወዝ ቅጣት የመክፈል ግዴታ አለበት። ስለሆነም ብር 42,000 ከደመወዜ ጋር በ3 ቀን ውስጥ እንዲከፈለኝ፣ ይህ ሳይሆን ቢቀር ግን በወንጀል የምትጠየቁ መሆኑን አሳውቃለሁ።»

ትናንት ማታ ልፈርም ስል «እስቲ አንቀጹን ልየው» ብዬ አዋጁን ከፈትኩ። 36(3) የሚባል ነገር የለም! ሁለት ጊዜ ፈለግኩ። እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ ወይስ የለም?

መርካቶ ተራ
ወንድሜ አታስብ፣ ላከው። አለቆች አንቀጽ ሲያዩ ይደነግጣሉ። ማን ከፍቶ ያነባል ብለህ ነው? የኔ ጓደኛ እንዲህ ጽፎ በሳምንቱ ከፍለውታል።

የቀድሞ ኤች አር
መርካቶ ተራ፣ እኔ ከፍቼ አነብ ነበር። ስድስት ዓመት ያ ነበር ሥራዬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተሳሳተ አንቀጽ ያለበት ደብዳቤ ሲመጣልን ደስ ይለን ነበር። መልሱ በጣም ቀላል ነዋ። «የጠቀሱት ንዑስ አንቀጽ በአዋጁ ውስጥ የለም፣ የጠቀሱት አዋጅም የተሻረ ነው» ብለን ሁለት መስመር ጽፈን እንመልሳለን። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አንተነፍስም። ሰውየው እንደገና ጽፎ እስኪመጣ ሌላ ወር ይሄዳል። ጥሩ ሥራ ነበር ማለቴ አይደለም።

ጋዜጣ አንባቢ
ቁልፍ ያዥ፣ ማንበብ አላቃተህም። አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ የለውም። አንድ ወጥ አንቀጽ ነው። «36(3)» ከየት እንደመጣ እንጃ። ሰዎች አንቀጽ 36፣ 37 እና 38ን አንድ ላይ ሰምተው ቀላቅለውት ይመስለኛል። ሦስቱ ተከታታይ ናቸው፣ ስለ አንድ ጉዳይም ነው የሚያወሩት።

በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። አዋጅ 377/1996 በሥራ ላይ የለም። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዲሱ አዋጅ መጨረሻ ላይ የተሻሩ ሕጎችን የሚዘረዝር አንቀጽ አለ፣ እዚያ ታገኘዋለህ። ማንኛውንም አዋጅ ከመጥቀስህ በፊት መጀመሪያ የዚያን የመጨረሻ ገጽ ማየት ልመድ።

ከዚያ ወደ ይዘቱ። አሁን የምጽፈው በራሴ ቃል ነው፣ የአዋጁ ቃል እንዳይመስልህ።

አንቀጽ 36 የሚለው፣ ውሉ ሲቋረጥ ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈሉ ነው። ከዚያ «ሆኖም» ይላል። ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የአሠሪውን ንብረት ወይም ያለበትን ሒሳብ ሳያስረክብ ካዘገየ የክፍያው ጊዜ ሊራዘም ይችላል።

37 ደግሞ በገንዘቡ መጠን ላይ ክርክር ቢኖር እንኳ አሠሪው ያልተከራከረበትን በዚያው ጊዜ ውስጥ ይክፈል ይላል።

38 የመዘግየት ውጤት ነው። አሠሪው በ36 በተባለው ጊዜ ካልከፈለ፣ ጉዳዩን የሚያየው አካል ከሚፈለገው ክፍያ በላይ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፈል ሊወስን ይችላል። መዘግየቱ ከአሠሪው ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ከሆነ ግን አይደለም።

አሁን ይህን ከደብዳቤህ ጎን አድርገህ እየው። «7 ቀናት» ብለሃል፣ አዋጁ «የሥራ» ይላል። «ማንኛውም ክፍያ» ብለሃል፣ አዋጁ «ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዙ» ይላል። «3 ወር» ብለሃል፣ አዋጁ «እስከ» ይላል። «ግዴታ አለበት» ብለሃል፣ አዋጁ «ሊወስን ይችላል» ይላል። የሚወስነውም አሠሪው አይደለም፣ አንተም አይደለህም። ከሁሉ በላይ ግን «ሆኖም» የሚለው ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል።

ቁልፍ ያዥ
አይ፣ ይሄ ሁሉ አንድ አንቀጽ ውስጥ? ግን እኮ የ377 አንቀጽ 36ም ስለዚሁ ነው የሚያወራው። ቁጥሩም ነገሩም አንድ ነው። ታዲያ አዋጁን ቀይሬ ብጽፍ ብቻ አይበቃም?

መርካቶ ተራ
እኔም እሱን ልል ነበር። ቁጥሩ አንድ ከሆነ ምን ያጣላል?

ጋዜጣ አንባቢ
በ36 እና በ38 ላይ ዕድለኛ ናችሁ፣ ቁጥሩ አልተነካም። ዕድል ግን ሁልጊዜ አይሠራም። 27(1)(ለ)ን ውሰዱ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ስለማሰናበት ነው። በድሮው አዋጅ ከሥራ ስለመቅረት ሲያወራ በተከታታይ 5 የሥራ ቀን፣ ወይም በአንድ ወር 10፣ ወይም በዓመት 30 ነበር የሚለው። በአዲሱ፣ በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን ሆነ፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የቀረ ማለት ነው። ቁጥሩ ያው፣ ፊደሉ ያው፣ ትርጉሙ ሌላ። የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 77 በሁለቱም አለ፣ የመጀመሪያው ዓመት ግን ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ሄዷል። ስለዚህ ቁጥሩን ስላየህ ብቻ ይዘቱን አውቄዋለሁ አትበል።

ፊደል ነገር ካነሳን፣ ከእንግሊዝኛው አምድ አይተው ወደ አማርኛ የሚያመጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚያ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ነው። ሦስተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ ሲ ነው፣ በአማርኛ ሐ። አምስተኛው ሠ። አንዳንዱ ሲን አይቶ «ሲ» ብሎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሀ እና ሐን ያምታታል፣ ደብዳቤው ወደ አንደኛው ፊደል ተራ ይሄድና ቁጭ ይላል። በአማርኛ እየጻፍክ ከአማርኛው አምድ አንብብ። ሁለቱ ቢለያዩ ገዢው አማርኛው ነው። ይህን ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ 3/1987 ራሱ ይላል።

ሰብለ 22 ማዞሪያ
ሕገ መንግሥቱንስ ለምን አትጨምርበትም? አንቀጽ 42 የሠራተኞች መብት ነው። ደብዳቤው ክብደት ይኖረዋል።

ጋዜጣ አንባቢ
ሰብለ፣ አንቀጽ 42 ስለ ሠራተኛ መብት መሆኑ ልክ ነው። መደራጀት፣ ተመጣጣኝ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ ከክፍያ ጋር ፈቃድ አለበት። የ7 የሥራ ቀን ነገር ግን የለበትም። ስትጠቅሺው አሠሪው «42 ላይ ይህ የት አለ?» ይላል፣ እውነቱንም ነው። አንዱ ጥቅስ ሲላላ የጠነከረውም አብሮ ይላላል።

ሰብለ 22 ማዞሪያ
ቆይ፣ ለጌጥ ያህል እኮ ነው ያልኩት 😄 እሺ ይሁን።

ዱባይ ያለሁት
እኔም እንደሱ ነኝ። ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስወጣ ሒሳቤን አልዘጉልኝም። የኢትዮጵያን አዋጅ ጠቅሼ ብጽፍላቸው ይሠራል? ኮንትራቴን የፈረምኩት አዲስ አበባ ነው።

ጋዜጣ አንባቢ
እህቴ፣ ወይም ወንድሜ፣ ይቅርታ። እዚያ የምትሠሩበት የራሱ ሕግ አለ። የኤምሬትስ የ2021 የሥራ ሕግ፣ ቁጥር 33፣ ውል ሲያልቅ ሒሳቡ በ14 ቀን ውስጥ እንዲዘጋ ነው የሚለው፣ አንቀጽ 53። ለቀጣሪሽ 1156ን ብትጠቅሺለት አልገባኝም ይልሻል። ኮንትራቱ አዲስ አበባ መፈረሙ ስለ ላከሽ ኤጀንሲ ሌላ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል። እሱን ለብቻው ክር ክፈቺበት፣ እዚህ ይጠፋብሻል።

ዱባይ ያለሁት
ወንድም ነኝ 😂 እሺ እከፍታለሁ። 14 ቀኑ ሆቴል ላይ ይሠራል አይደል? የቤት ሠራተኛ አይደለሁም።

ጋዜጣ አንባቢ
አዎ፣ ሆቴል የግል ዘርፍ ነው። የቤት ሠራተኞች ግን ሌላ ሕግ ነው ያላቸው።

የቀድሞ ኤች አር
ወደ ቁልፍ ያዥ እንመለስ። ወንድሜ፣ አንድ ነገር አልነገርከንም። «ክሊራንስህ አላለቀም» ያሉህ እንዲሁ አይደለም። ስቶር ኪፐር ነበርክ። ርክክብ አድርገሃል? ቆጠራው ተፈርሟል? የቀረህ ነገር አለ?

ቁልፍ ያዥ
ርክክቡ ኅዳር 5 እና 6 ተደርጓል። ሦስት ሰዎች ቆጥረው ፈርመዋል፣ ኮፒው እጄ ላይ አለ። ጉድለት የለም።

ግን... የድርጅቱን ስልክ ቤት ረስቼው ነበር። ኅዳር 11 ረቡዕ ወስጄ ሰጠሁ። ለጸሐፊዋ ነው የሰጠሁት፣ በደብተሯ ፈርማለች።

የቀድሞ ኤች አር
ያ ነው! አየህ፣ «ሆኖም» የሚለውን የቆረጠው ቴሌግራም ሰውዬ በአንተ ላይ ነው የቆረጠው። እኔ ብሆን መልስ የምጽፍበት ነጥብ እሱ ነው። «ንብረት በወቅቱ ባለማስረከብዎ ጊዜው ተራዝሟል።» አለቀ።

መርካቶ ተራ
ስለዚህ ስለ ስልኩ ዝም ይበላ። እሱ ራሱ ለምን ያነሳል? ራሱን ያጋልጣል።

ጋዜጣ አንባቢ
እዚህ ላይ ከመርካቶ ተራ ጋር አልስማማም። ስልኩ በደብተር ተፈርሞበታል፣ እነሱ ያውቃሉ። አንተ ካላነሳኸው እነሱ ያነሱታል፣ ያኔ የደበቅክ ትመስላለህ። አንተ ካነሳኸው ግን ቀኑን አንተ ነህ የምትቆጥረው።

እስቲ እንቁጠር። ድርጅቱ ቅዳሜ ይሠራል?

ቁልፍ ያዥ
አዎ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ግማሽ ቀን።

ጋዜጣ አንባቢ
እሺ። ከኅዳር 6 ዓርብ ብንነሳ ቅዳሜ 7፣ ሰኞ 9፣ ማክሰኞ 10፣ ረቡዕ 11፣ ሐሙስ 12፣ ዓርብ 13፣ ቅዳሜ 14። ሰባተኛው የሥራ ቀን ኅዳር 14 ነው።

በጣም ለእነሱ አድልተን ስልኩ ከተመለሰበት ከኅዳር 11 ብንነሳስ? ሐሙስ 12፣ ዓርብ 13፣ ቅዳሜ 14፣ ሰኞ 16፣ ማክሰኞ 17፣ ረቡዕ 18፣ ሐሙስ 19። ኅዳር 19።

ዛሬ ታኅሣሥ 10 ነው። በየትኛውም አቆጣጠር አልፏል። ሕጉን ሳታጋንን ጉዳይህ ጠንካራ ነው። ቴሌግራሙ ነው ያደከመህ።

ሰብለ 22 ማዞሪያ
ቅዳሜ ግማሽ ቀን ከሆነ እንደ ሙሉ የሥራ ቀን ይቆጠራል?

ጋዜጣ አንባቢ
ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሰው ይከራከርበታል። ለዚህ ጉዳይ ግን ለውጥ አያመጣም። ቅዳሜዎቹን በሙሉ ብታወጫቸውም ኅዳር ውስጥ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ደብዳቤው ውስጥ «ኅዳር 14 አልቋል» ብለህ ሚስማር አትምታ። «ስልኩ ከተመለሰበት ቀን ቢቆጠር እንኳ አልፏል» በቂ ነው።

መምህር ከደሴ
ለእኔም ይጠቅመኛል ይህ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፣ የዝውውር አበሌ ዘግይቷል። አንቀጽ 38ን ጠቅሼ የ3 ወር ልጠይቅ?

ጋዜጣ አንባቢ
መምህር፣ አይጥቀሱት። የመንግሥት ሠራተኞች በሌላ አዋጅ ነው የሚተዳደሩት፣ 1156 እርስዎን አይነካም። አንቀጽ ከመፈለግዎ በፊት የአዋጁን መጀመሪያ ያንብቡ፣ «የተፈጻሚነት ወሰን» የሚለውን። እዚያ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ ተዘርዝሯል። የሥራ መሪዎችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። በነገራችን ላይ ቁልፍ ያዥ፣ የሥራ መደብህ «ኃላፊ» የሚል ነገር አለው?

ቁልፍ ያዥ
«የንብረት ክፍል ሠራተኛ» ነው የሚለው። በሥሬ ማንም የለም። ቁልፍ ብቻ ነው የያዝኩት 😅

ጋዜጣ አንባቢ
ጥሩ። እንግዲህ አንቀጹን እንዲህ ብትጽፈውስ፦

«የሥራ ውሌ በሰጠሁት የ30 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መሠረት ኅዳር 6 ቀን 2017 ተቋርጧል። የንብረት ርክክቡ በዚሁ ቀን ተጠናቆ የተፈረመ ሲሆን፣ በእጄ ቀርቶ የነበረውን የድርጅቱን ስልክ ኅዳር 11 ቀን 2017 አስረክቤአለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 36 ውል ሲቋረጥ ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዙ ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲከፈሉ፣ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት ንብረት ሳያስረክብ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም እንደሚችል ይደነግጋል። ጊዜው ስልኩን ካስረከብኩበት ቀን ጀምሮ ቢቆጠር እንኳ ዛሬ አልፏል። ስለዚህ የመጨረሻው ደመወዜና ያልተጠቀምኩበት የ11 ቀን የዓመት ፈቃድ ክፍያ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። የምትከራከሩበት ሒሳብ ካለ በአንቀጽ 37 መሠረት ያልተከራከራችሁበት እንዲከፈለኝ፣ የቀረውም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ። ክፍያው ካልተፈጸመ፣ በአንቀጽ 38 መሠረት ሊወሰን የሚችለውን ተጨማሪ ክፍያ ጭምር ሥልጣን ላለው አካል አቤት ለማለት እገደዳለሁ።»

ትምህርተ ጥቅስ አዋጁ ላይ አላደረግሁም፣ በራሴ ቃል ስለሆነ። ቃል በቃል ማስገባት ከፈለግክ ከጋዜጣው ላይ ገልብጠው፣ ከኔ ኮሜንት ላይ አይደለም። ከገለበጥክ ደግሞ «ሆኖም» ላይ አትቁረጥ።

መርካቶ ተራ
42,000ውስ የት ሄደ? ወንጀሉስ? ይሄ ደብዳቤ እኮ ለሰርግ የተጻፈ ጥሪ ነው የሚመስለው።

ጋዜጣ አንባቢ
😄 42,000ው «ሊወሰን የሚችለው» ውስጥ አለ። ጣሪያው ነው፣ ወለሉ አይደለም። ክስ ስትመሠርት እስከ ጣሪያው ድረስ መጠየቅ ትችላለህ፣ ማንም አይከለክልህም። «እጠይቃለሁ» እና «ሕጉ ይገባሃል ብሏል» ግን አንድ አይደሉም።

ወንጀሉን አወጣሁት። አዋጁ ወደ መጨረሻ አካባቢ መቀጮ የሚጥል ክፍል አለው። አንቀጹን ከፍተህ «ይህ የኔ ጉዳይ ነው» ብለህ ጣትህን ማሳረፍ እስካልቻልክ ድረስ ግን «በወንጀል ትጠየቃላችሁ» አትበል።

የቀድሞ ኤች አር
እኔ የምጨምረው አንድ ነው። በተለይ 37ን ማስገባቱ ብልህነት ነው። ድርጅቶች ብዙ ጊዜ በአንዲት 500 ብር ጭቅጭቅ ሙሉ ሒሳቡን ይይዛሉ። «ያልተከራከራችሁበትን ክፈሉ» ሲባሉ ሰበብ ያጥራቸዋል። 37ን የሚጠቅስ ሠራተኛ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሰው ቢገጥመኝ ነው። ሁለቱንም ቶሎ ከፍለናል።

ሰብለ 22 ማዞሪያ
ስለዚህ ጉዳይ ሰበር ወስኗል ሲባል ሰምቻለሁ። የሰበር ትርጉም ደግሞ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። እሱን ቢጨምርስ?

ጋዜጣ አንባቢ
አስገዳጅነቱ እውነት ነው። የመዝገብ ቁጥሩን ታውቂዋለሽ?

ሰብለ 22 ማዞሪያ
አይ። አንድ ጠበቃ ሲያወራ ነው የሰማሁት።

ጋዜጣ አንባቢ
እንግዲያው ይቅር። «ሰበር ወስኗል» ያለ መዝገብ ቁጥር ከ36(3) ወንድም ነው። ፍርዱ በሰበር ውሳኔዎች ቅጽ ላይ ታትሞ ካለ፣ መዝገብ ቁጥሩን ይዘሽ ሙሉውን አንብቢ። ርዕሱ ብቻ አይበቃም። ብዙ ጊዜ ርዕሱ ላይ የሚታየው የአንቀጹ ስም ነው፣ ፍርዱ ውስጥ የተወሰነው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ሠራተኛው የተሰናበተበት ጉዳይ ላይ የተሰጠን ትርጉም በፈቃዱ ለለቀቀ ሰው መጥቀስ እንዲሁ ከሕጉ በላይ መናገር ነው።

ቁልፍ ያዥ
አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። የፈቃዱ ክፍያ 36 ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም? «ከደመወዝ ጋር የተያያዙ» ማለት ፈቃድንም ይጨምራል?

የቀድሞ ኤች አር
እኛ እንደሚገባ ቆጥረን ነበር የምንከፍለው። ከደመወዝ ነው የሚሰላው፣ ከዚህ በላይ መያያዝ ምን አለ?

ጋዜጣ አንባቢ
እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ግን «ፈቃድ» የሚል ቃል 36 ውስጥ ተጽፎ የለም፣ ስለዚህ «36 የፈቃድ ክፍያን ይጠቅሳል» ብለህ አትጻፍ። ከላይ ያለው ረቂቅ ላይ ደመወዙንና ፈቃዱን አንድ ላይ ጠይቄያለሁ፣ ግን ፈቃዱ በ36 ነው አላልኩም። የፈቃዱን መብት የሚሰጥህ የፈቃድ ክፍሉ ነው፣ 77 አካባቢ። ንዑስ ቁጥሩን ራስህ ከጋዜጣው አንብበህ አስገባ። እኔ ከነገርኩህ ነገ «አንድ ኮሜንት ላይ አየሁ» ልትል ነው 🙂

መርካቶ ተራ
እናንተ ሰዎች ደብዳቤ ስትጽፉ ስድስት ወር አለፈ።

ጋዜጣ አንባቢ
ስድስት ወር ብለህ ስታነሳ፣ እሱን ረስቼው ነበር፣ አመሰግናለሁ። ከውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበበት በይርጋ ይቀራል። ለቁልፍ ያዥ ከኅዳር 6 ተነስቶ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ነው። ደብዳቤ መላክ ብቻውን ሰዓቱን አያቆመውም። ድርጅቱ «አዎ ያንተ ገንዘብ አለብን» ብሎ በግልጽ ካመነ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ልከህ «ይመልሱልኛል» እያልክ ፋሲካን አትሻገር።

መርካቶ ተራ
አያችሁ፣ እኔም ልክ የምሆንበት ቀን አለ።

ቁልፍ ያዥ
ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ደብዳቤውን ዛሬ አስገባሁ። ጸሐፊዋ «ቃል በቃል እነግራቸዋለሁ፣ ወረቀቱን ውሰደው» አለችኝ። አልወሰድኩም፣ ኮፒው ላይ ገቢ ማህተምና ቀን እንዲደረግልኝ ለመንኩ። አስር ደቂቃ ቆሜ ተደረገልኝ።

የፈቃዱን ንዑስ አንቀጽ ራሴ አንብቤ አስገባሁ። ቅጂው በጣም ደብዛዛ ነው፣ አንዱን ቁጥር ለመለየት ስልኬ ላይ አጉልቼ ነው ያየሁት። ከዚያ ደግሞ የእንግሊዝኛውን አምድ አየሁ፣ እዚያ ጥርት ብሎ ይታያል። የተሳሳተ ቁጥር ልጽፍ ነበር።

የኤች አር ኃላፊዋ ኮሪደር ላይ አየችኝና «ስልኩን ጠቅሰሃል እንዴ?» ብላ ሳቀች። ምን ማለቷ እንደሆነ አላወቅኩም።

የቀድሞ ኤች አር
እኔ አውቃለሁ። የተዘጋጀላት መልስ ጠፍቶባታል።

መርካቶ ተራ
ወይም ስልኩ ተሰብሮ ነው የመለስከው 😂

ቁልፍ ያዥ
ስክሪኑ ትንሽ ተጭሮ ነበር... እሱንም ልጻፈው ነበር?

ጋዜጣ አንባቢ
ጭረቱ ስትረከበው ጀምሮ ነበር ወይስ አንተ ነህ ያደረስከው?

ቁልፍ ያዥ
ስረከበው ነበር። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም። 2014 ላይ ነው የተረከብኩት፣ ያኔ ማን ይጽፋል።

ጋዜጣ አንባቢ
እንግዲያው ጠብቅ፣ ካነሱት በጽሑፍ ያንሱት። ወረቀቱን ይዘህ እዚሁ ና።